ዓለምፀሐይን ፈልጎ ያጣት ኮምፒውተር

ዓለምፀሐይ ኃይለሥላሴ የምትባል ሴት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄደች እንበል። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መታወቂያዋን እያየ ስሟን በኮምፒውተር መዘገበ። ከወራት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ተረኛው ሌላ ሰው ነው። መታወቂያዋን ስላልያዘች ስሟን በቃሏ ነገረችው፤ እሱም እንደሰማው «አለምጸሀይ ሀይለስላሴ» ብሎ ጻፈ። ስክሪኑ «አልተገኘም» አለ። ሰልፉ ረጅም ነውና አዲስ ካርድ ወጣላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንዲት ሴት የሕክምና ታሪክ ለሁለት ተከፈለ። በመጀመሪያው ካርድ የሰፈረው «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚል ማስታወሻ በሁለተኛው ላይ የለም።

ሁለቱም ሠራተኞች አልተሳሳቱም። በአማርኛ አነባበብ ሁለቱም ጽሕፈቶች አንድ ናቸው። የዚህች ሴት ስም በስንት ዓይነት ሊጻፍ እንደሚችል እንቁጠር። የመጀመሪያው ፊደል ዓ፣ ዐ፣ አ ወይም ኣ ሊሆን ይችላል፤ አራት። ፀ ወይ ፀሐዩ ፀ ነው ወይ ጸሎቱ ጸ፤ ሁለት። ሐ ደግሞ ከሃሌታው ሀ፣ ከሐመሩ ሐና ከብዙኃኑ ኀ፣ ከግዕዙም ከራብዑም ሊመጣ ስለሚችል ስድስት መልክ አለው። አራት በሁለት በስድስት 48 ይሆናል። የአባቷ ስም ኃ ስድስት፣ ሥ ሁለት፣ ሴ ሁለት መልክ ስላላቸው 24 ነው። 48ን በ24 ስናባዛ 1,152 እናገኛለን። «ኃይለ» እና «ሥላሴ» ተለያይተው የሚጻፉበትን ከጨመርን ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል። ሰው ሁሉንም አንድ ብሎ ያነባቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከሁለት ሺህ በላይ የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል።

ምክንያቱ ኮምፒውተር ፊደልን በድምፁ ሳይሆን በቁጥሩ ስለሚያውቅ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጣል። የግዕዝ ፊደል ወደዚህ መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች የአማርኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የተከፈተ ደብዳቤ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። የዚያን ዘመን ሰነድ ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ በየሶፍትዌሩ ሠንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

በዩኒኮድ ሀ ቁጥሩ U+1200፣ ሐ U+1210፣ ኀ U+1280 ነው። መዝገቡ የፊደል እንጂ የድምፅ ስላልሆነ ይህ ትክክል ነው። ብዙ ፕሮግራመሮች ግን «ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን» የሚባለው ሥራ ሞክሼዎቹን አንድ ያደርግልናል ብለው ያምናሉ። አያደርግም። ያ ሥራ የተፈጠረው አንድ ፊደል በሁለት መንገድ መጻፍ ለሚችልባቸው ጽሕፈቶች ነው፤ ለምሳሌ በፈረንሳይኛ ከነምልክቱ የሚጻፈው ፊደል አንድ ቁጥር ሆኖም፣ ፊደሉና ምልክቱ ተለያይተው ሁለት ቁጥር ሆነውም ሊቀመጡ ይችላሉ። በእኛ ግን ከሀ እስከ ፐ ያለው እያንዳንዱ ፊደል ከነአናባቢው አንድ ቁጥር ነው፤ የሚበተንም የሚገጣጠምም የለውም። `normalize("NFC")` ብንለው ቃላችን ሳይነካ ይመለሳል። የሞክሼዎችን ጉዳይ የድረ ገጹ ሠሪ ራሱ ካልፈታው ማንም አይፈታለትም።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ግን ስሙ በዳታቤዙ ውስጥ በትክክል መቀመጡን ማወቅ ያስፈልጋል። በስክሪን ላይ የሚታዩ ሦስት ዓይነት ብልሽቶች አሉ፤ የሦስቱም ትርጉም የተለያየ ነው። ባዶ ሣጥኖች ከታዩ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ብቻ ነው። እንደ `áˆ€` ያሉ ምልክቶች ከታዩ ባይቶቹ አሉ፣ ግን በተሳሳተ ኮድ እየተነበቡ ነው። ሀ በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጥ `E1 88 80` የሚባሉ ሦስት ባይቶች ይሆናል፤ እነዚህን ሦስት ባይቶች አንድ ፕሮግራም በምዕራብ አውሮፓ ኮድ ሲያነባቸው `á` እና ሁለት ሌሎች ምልክቶች ያወጣል። መደበኛው የአማርኛ ፊደል ሁሉ በ`E1` ስለሚጀምር በየሦስት ምልክቱ `á` እየተደጋገመ ካየን ይህ እንደሆነ እናውቃለን፤ ሊስተካከልም ይችላል። ሦስተኛው «????» ነው። ይህ የከፋው ነው። የዳታቤዙ ዓምድ የግዕዝ ፊደልን የማይቀበል ኮድ ይዞ ስለነበር እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ተክቶ ጽፎታል፤ የመጀመሪያው ስም ከዚያ ዓምድ ውስጥ ፈጽሞ አይመለስም። ስለዚህ ማንኛውም ሠሪ በመጀመሪያው ቀን አንድ የአማርኛ ስም ጽፎ፣ አስቀምጦ፣ ከዳታቤዙ መልሶ ማንበብ አለበት።

በማይኤስኪውኤል የሚሠራ ሰው የሚጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ። እዚያ `utf8` የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ የሚያመለክተው ለአንድ ፊደል እስከ ሦስት ባይት ብቻ የሚፈቅደውን ኮድ ነው። ለአማርኛ ሦስት ባይት ስለሚበቃ ማንም ሳያስተውለው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጊኛ ፊደላት ግን ከU+1E7E0 ጀምሮ ስለተቀመጡ አራት ባይት ይፈልጋሉ። ጥብቅ ቁጥጥሩ በተዘጋ ዳታቤዝ ላይ በእነዚህ ፊደላት የተጻፈ ስም ካስገባን ጽሑፉ አራት ባይቱ ፊደል ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። መፍትሔው ከመጀመሪያው `utf8mb4` መጠቀም ነው። የዓምዱ ርዝመትም በባይት ነው በፊደል የሚለካው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ «ዓለምፀሐይ ኃይለሥላሴ» በፊደል 12 እና አንድ ክፍት ቦታ ነው፣ በባይት ግን 37። በባይት የሚለካ 30 ቦታ ያለው ዓምድ የአባቷን ስም መጨረሻ አይቀበልም።

ሌላም ያልተጠበቀ ችግር አለ። ዳታቤዝ ሁለት ቃላትን ሲያነጻጽር «ኮሌሽን» የሚባል የፊደላት ማነጻጸሪያ ደንብ ይጠቀማል። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠሩ አንዳንድ ደንቦች ለፊደሎቻችን ክብደት አይሰጧቸውም፤ ስለዚህ ሁሉም እኩል ይሆናሉ፣ አበበን የፈለገ ሰው ከበደንም ጫላንም ያገኛል። ለማወቅ ይህን መጠየቅ ይረዳል፤ መልሱ «እውነት» ከሆነ ደንቡ መለወጥ አለበት።

```sql
SELECT 'ሀ' = 'ለ';
```

አሁን ወደ ሞክሼዎቹ እንመለስ። ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ስሙ ሲመዘገብ ሁሉንም ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ እየለወጡ ማስቀመጥን ነው። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው። የሰው ስም በመታወቂያው፣ በፓስፖርቱና በዲፕሎማው ላይ እንዳለ መቀመጥ አለበት፤ ሥላሴን «ስላሴ» ብሎ የሚያትም ካርድ ባለቤቷን አላከበረም፤ ከሌሎች ሰነዶቿ ጋርም አይገጥምም። ደግሞም አንዴ ሀ የሆነው ፊደል ቀድሞ ሐ ይሁን ኀ መልሶ ማወቅ አይቻልም። ትክክለኛው መንገድ ስሙን ሳይነኩ ከጎኑ ሌላ ዓምድ መክፈት ነው። ይህን ዓምድ «የፍለጋ ቁልፍ» እንበለው። ሰው አያየውም፤ ለኮምፒውተሩ ማነጻጸሪያ ብቻ ነው። ሲመዘገብ ከስሙ ቁልፍ ይሠራል፣ ሲፈለግም ከተጻፈው ቃል ቁልፍ ይሠራል፣ ሁለቱ ቁልፎች ይነጻጸራሉ።

በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ቁልፉ እንዲህ ይሠራል። የላይኛው መስመር የሚለወጡትን፣ የታችኛው የሚተኩትን ፊደላት በቅደም ተከተል ይዟል።

```sql
CREATE FUNCTION am_key(t text) RETURNS text
LANGUAGE sql IMMUTABLE AS $$
SELECT regexp_replace(translate(t,
'ሃሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሗሠሡሢሣሤሥሦሧኣዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆቈቍኰኵጐጕ',
'ሀሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆኋሰሱሲሳሴስሶሷአአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾቆቁኮኩጎጉ'),
'[\s፡.]', '', 'g')
$$;

ALTER TABLE patients ADD COLUMN name_key text
GENERATED ALWAYS AS (am_key(name)) STORED;
```

ዓለምፀሐይ በዚህ ስታልፍ «አለምጸሀይ» ትሆናለች፤ ሁለተኛው ሠራተኛ የጻፈውም ሲያልፍ እንዲሁ «አለምጸሀይ» ነው። ኃይለሥላሴ፣ ሀይለስላሴ እና ኃይለ ሥላሴ ሦስቱም «ሀይለስላሴ» ይሆናሉ፣ ክፍት ቦታውም ስለሚወገድ። ለዚህም ነው ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መቀመጥ ያለባቸው። ሙሉ ስም በአንድ ዓምድ ከታጨቀ ክፍት ቦታው የስም መለያ ይሁን የአንድ ስም ውስጣዊ ክፍተት አይታወቅም።

በመስመሩ መጨረሻ ያሉት ዲቃላ ፊደላት በስህተት የገቡ አይደሉም። ጐንደርና ጎንደር፣ ቍጥርና ቁጥር በወረቀት ላይ ለዓይን እንኳ እምብዛም አይለዩም፤ ቁጥራቸው ግን የተለያየ ነው። ጐ U+1310 ሲሆን ጎ U+130E ነው።

አንዳንድ ፕሮግራመሮች ፊደሎቹን አንድ በአንድ መዘርዘር ይሰለቹና አቋራጭ ይፈልጋሉ። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት መቀመጫ አለው፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ሰባቱ ይቀመጡና ስምንተኛው ለዲቃላ ወይም ለሌላ ተጨማሪ ፊደል ይተዋል። ስለዚህ ከሐ ቤት ወደ ሀ ቤት ለመሄድ ከቁጥሩ ላይ 16 መቀነስ ይበቃል ይላሉ። ለሰባቱ እውነት ነው። ስምንተኛው ላይ ግን ሗ ወደ ሇ ይለወጣል፤ ሇ ደግሞ አማርኛ የማይጠቀምበት ፊደል ነው። ብዙ ሰው «በኋላ» የሚለውን «በሗላ» እያለ ስለሚጽፍ ይህ ስህተት በየገጹ ይገኛል። ሁለቱ የሚገናኙት ሗ ወደ ኋ ሲለወጥ ነው፤ እሱም በዝርዝሩ ውስጥ በስሙ መጠራት አለበት። ኸን ደግሞ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ኸ ከሀ ጋር በድምፅ አንድ አይደለምና።

ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት መጣ ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከትምህርት ቤት ይልቅ ከኪቦርድ የመጣው ብዙ ነው። በድምፅ በሚሠሩት ኪቦርዶች ሀን ለማውጣት ሺፍት አያስፈልግም፤ ሐን ለማውጣት በብዙዎቹ ሺፍት ያስፈልጋል፤ ኀ ከሁሉም ይርቃል። በስልክ የሚጽፍ ወጣት ቅርቡን ይመርጣል። በታይፕራይተር የሠለጠኑ የቀድሞ ጸሐፊዎች ያዘጋጁት የሠራተኞች ዝርዝርና ዛሬ በስልክ የተሞላው ቅጽ አንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሲገናኙ፣ የሁለት ዘመን አጻጻፍ ጎን ለጎን ይቀመጣል።

ከሞክሼ ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ያዘነበለችው መስመር ናት። ኃ/ሥላሴ፣ ገ/መድኅን፣ ወ/ማርያም የሚሉ ስሞች በየመዝገቡ ሞልተዋል። ኮምፒውተሩ «ገ/» ገብረ መሆኑን አያውቅም፤ ሰው ግን ያለ ጥርጥር ያነበዋል። ሁልጊዜ ያለ ጥርጥርም አይደለም፤ «ወ/» ወልደ ወይም ወለተ፣ «ተ/» ተክለ ወይም ተስፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱን መርጦ መተካት አይገባም። ፈላጊው አሳጥሮ ከጻፈ መስመሯን «እዚህ ምንም ይኑር» ወደሚል ምልክት መለወጥ ይቻላል፤ ኃ/ሥላሴ እንዲህ ይጠየቃል።

```sql
SELECT name FROM patients
WHERE name_key LIKE 'ሀ%ስላሴ';
```

በመዝገቡ ውስጥ ያለው አጭሩ፣ የተፈለገው ሙሉው ከሆነ ግን ይህ አይረዳም። ያኔ ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ ቁልፍ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ወ/ማርያም ብሎ የተመዘገበ ሰው «ወልደማርያም» እና «ወለተማርያም» የሚሉ ሁለት ቁልፎች በሌላ ሠንጠረዥ ይኑሩት። ከአዲስ ምዝገባ ጀምሮ ደግሞ ስም ተሟልቶ እንዲጻፍ ቅጹ ራሱ ቢጠይቅ ይሻላል። «ወ/ሮ» እና «አቶ» ግን ከስም ጋር መቀላቀል የለባቸውም፤ የማዕረግ ዓምድ የራሱ ይሁን።

ቁልፍ ሰፊ መረብ ስለሆነ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን የተለያዩ ሰዎችም ይዞ ይመጣል። ይህ መሆን ያለበት ነው፤ ግን ፍለጋው ሰዎችን ማሳየት እንጂ መወሰን የለበትም። ስሞቹ ባለቤቶቻቸው እንደጻፏቸው ይውጡ፤ ከጎናቸው የአያት ስም፣ ዕድሜና ቀበሌ ይታይ፤ ሠራተኛውም ሴትየዋን ጠይቆ ይለይ። አጻጻፉ ፊደል በፊደል የገጠመው ከላይ ቢሰለፍ ሥራው ይቀላል። ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ ነገ የቁልፉን ደንብ ካሻሻልን ቀድሞ የተሠሩት ቁልፎች በራሳቸው አይታደሱም። ቁልፎቹን እንደገና ማሠራት ግድ ነው፤ ይህ ካልተደረገ የቆዩ ታካሚዎች አንድ በአንድ ከፍለጋው መጥፋት ይጀምራሉ፣ ማንም ሳያውቅ።

ደንቡ ለአማርኛ ነው። በትግርኛ ሀና ሐ የተለያየ ድምፅ አላቸው፤ አና ዐም እንዲሁ። የመቀሌ ተወላጅ ስም በአማርኛው ደንብ ቢጨፈለቅ ለባለቤቱ ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት አንድ ይሆናሉ። በትግርኛ ሊዋሐዱ የሚችሉት ሠና ሰ፣ ጸና ፀ ናቸው፤ በጸና በፀ መካከል ያለው ምርጫ ብዙውን ጊዜ የኤርትራና የትግራይ የአጻጻፍ ልማድ ልዩነት ነው። የግዕዝ ብራናዎችን የሚመዘግብ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ መጀመሪያ ፊደል በፊደል የሚፈልግበትን መንገድ ማቆየት አለበት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጽሑፍ ጎን ቋንቋው ይመዝገብ፤ `am`፣ `ti` ወይም `gez` ተብሎ።

ቁልፉ ካለ ቅደም ተከተሉ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የዩኒኮድ ቁጥሮች በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ስለተደረደሩ ስሞችን በቁጥራቸው ብቻ ብናስቀምጣቸው መልካም ይመስላል። ችግሩ ስሞቹ ሲበዙ ይታያል። እነዚህን እንውሰድ፦ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀብታሙ፣ ሐረገወይን፣ ለማ፣ ሠናይት፣ ሰናይት፣ ሰለሞን። በቁጥር ሲደረደሩ ሀብታሙ፣ ሃይሉ፣ ለማ፣ ሐረገወይን፣ ሠናይት፣ ሰለሞን፣ ሰናይት፣ ኃይሉ ይሆናሉ። ሁለቱ ኃይሉዎች የዝርዝሩ ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው፤ ሺህ ስም ባለበት መዝገብ በመካከላቸው ብዙ ገጽ ይገባል። በቁልፉ ሲደረደሩ ግን ሐረገወይን፣ ሀብታሙ፣ ሃይሉ፣ ኃይሉ፣ ለማ፣ ሰለሞን፣ ሠናይት፣ ሰናይት ይመጣሉ። ቁልፋቸው አንድ የሆኑትን በመጀመሪያው አጻጻፋቸው እንለያቸዋለን፤ ያለዚያ ዝርዝሩ በተከፈተ ቁጥር ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ።

```sql
ORDER BY name_key COLLATE "C", name COLLATE "C"
```

የአሳሹ የራሱ ማደራጃ `Intl.Collator('am')` የግዕዝ ፊደልን ከላቲን ያስቀድማል፤ ሞክሼዎችን ግን አያገናኝም። ስለዚህ በጃቫስክሪፕት የሚደረድርም ሰው ለማደራጃው የሚሰጠው ቁልፉን ይሁን። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የተሠሩ ሶፍትዌሮች ደግሞ በመጨረሻው ስም መደርደር ይወዳሉ፤ የእኛ መዝገብ በራስ ስም ነው የሚደረደረው። በዋሽንግተን ያለ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አባላቱን በአባት ስም ቢደረድር ዓለምፀሐይን «ዓለምፀሐይ» ብሎ የሚፈልጋት ሰው በኃይለሥላሴ ስር ሊሄድ አያስብም።

ቁልፉ የማይደርስበትም አለ። ተስፋዬና ተስፋየ፣ ኢየሱስና እየሱስ ሞክሼ አይደሉም፤ አናባቢያቸው ይለያያል። ይበልጥ የሚከብደው ግን ከስም ወጥቶ ወደ ተራ ጽሑፍ መግባት ነው። ሐኪሟ የጻፈችውን ማስታወሻ «ሳል» ብለን ብንፈልገው «የሳል» ይገኛል፣ «ሳሉ» ግን አይገኝም፤ ለሳል የመጨረሻ ፊደል ል፣ ለሳሉ ደግሞ ሉ ስለሆነ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ መጨረሻ ላይ የተጨመረ አናባቢ የቀደመውን ፊደል አይነካም፤ በእኛ ግን ይለውጠዋል። አንዱ መላ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ሳድሱ አውርዶ ሁለተኛ ቁልፍ መሥራት ነው፦ ሳልም ሳሉም «ስል» ይሆናሉ። ይህ ግን ሰላንም ስለንም አብሮ ስለሚያመጣ ጥሩ የሚሆነው ጠባቡ ቁልፍ ባዶ እጁን ሲመለስ ብቻ ነው። ዳንኤል ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ጽሑፍ ደብል ሜታፎን የሚባለውን በድምፅ የማመሳሰያ ዘዴ ለአማርኛ አጻጻፍ እንዴት ማዋል እንደሚቻል አሳይቷል፤ በዚህ ሥራ ላይ የሚሰማራ ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው።

ጽሑፉ ተቀምጦ፣ ተደርድሮ፣ ተገኝቶ ሲያበቃ መታየት አለበት። አሳሽ አንድ ገጽ ሲያሳይ ለእያንዳንዱ ፊደል በተሰጠው የፎንት ዝርዝር ውስጥ በተራ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው ፎንት ፊደሉ ከሌለው ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ በዝርዝሩ ካጣው ደግሞ ከኮምፒውተሩ ያገኘውን ይወስዳል። በዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ፣ በኋላ ደግሞ ኤብሪማ አለ፤ በአፕል መሣሪያዎች ከፋ፣ በአንድሮይድ ኖቶ። ስለዚህ አንድ ገጽ በሦስት ቦታ ሦስት መልክ ይኖረዋል፣ ፊደሎቹም በቁመት ይለያያሉ፤ በአንዱ የተስተካከለ ሣጥን በሌላው የፊደሉን አናት ይቆርጣል። ከመደበኛው አማርኛ ውጭ ያሉት ፊደላት ሲመጡ ደግሞ የአንድ ስም ግማሹ በአንድ ፎንት፣ ግማሹ በሌላ ሊወጣ፣ ወይም መካከሉ ላይ ሣጥን ሊታይ ይችላል። አስተማማኙ ነገር ፎንቱን ከድረ ገጹ ጋር አብሮ መላክ ነው።

```css
@font-face {
  font-family: "Geez Web";
  src: url("/fonts/NotoSansEthiopic.woff2") format("woff2");
  unicode-range: U+1200-139F, U+2D80-2DDF,
    U+AB00-AB2F, U+1E7E0-1E7FF;
  font-display: swap;
}
:lang(am) {
  font-family: "Geez Web", Ebrima, Nyala, Kefa, sans-serif;
  line-height: 1.7;
  font-synthesis: none;
}
```

`unicode-range` የሚለው መስመር አሳሹ በገጹ ላይ የግዕዝ ፊደል ካላየ ፎንቱን እንዳያወርድ ያደርጋል፤ ኢንተርኔት ቀርፋፋ በሆነበት ወረዳ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። `swap` ደግሞ ፎንቱ እስኪደርስ ጽሑፉ ባለው ፎንት እንዲታይ ይፈቅዳል፣ ታካሚዋ ባዶ ገጽ ፊት እንዳትጠብቅ። የመጨረሻው መስመር አሳሹ ፎንቱ ውስጥ የሌለውን ዘመም ወይም ደማቅ መልክ በራሱ እንዳይፈጥር ይከለክለዋል፤ በግድ የተዘነበለ የግዕዝ ፊደል ለዓይን ይከብዳል። የመረጥነው የኖቶ ቅጂ ሁሉንም የተጨመሩ ፊደላት መያዙን ግን ከመጫናችን በፊት መመርመር አለብን።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማተሚያው ነው። በስክሪን ላይ አሳሹ ከፎንት ወደ ፎንት እየተሻገረ ያድነናል፤ ካርዱን ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጡ ብዙ ፕሮግራሞች ግን ይህን አያደርጉም። የተሰጣቸውን አንድ ፎንት ብቻ ይጠቀማሉ፣ እሱም ብዙውን ጊዜ የላቲን ነው። በስክሪኑ ላይ ዓለምፀሐይ ተብላ የታየች ሴት በእጇ የምትይዘው ካርድ ላይ ስድስት ሣጥን ትሆናለች። ለፒዲኤፍ ፕሮግራሙ የግዕዙን ፎንት ፋይል በስሙ መስጠትና በሰነዱ ውስጥ እንዲከተት ማዘዝ ያስፈልጋል። ሲስተሙ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊትም ጐ፣ ኋ፣ ፀ እና ። ያሉበት አንድ ካርድ በጣቢያው ራሱ ማተሚያ ወጥቶ በዓይን ይታይ፤ ከዚያ ሁለተኛው ሠራተኛ ያንኑ ስም ካርዱን ሳያይ፣ በጆሮው እንደሰማው ጽፎ ይፈልገው።